አፈ ጠባቡ ጎታ

ሰው ስለ ደግ ዘመን ሲያወራ ከብቱን ይቆጥራል፣ ማሩን ይቆጥራል። ያለምዘውድ ግን ደግ ዘመን ሲባል ትዝ የሚላት ሌላ ነው። ምራቷ ጥሩሐረግ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ እያንጎራጎረች፣ ለእህል ጎታ የሚሆን ጭቃ ስትረግጥ ነው የምትታያት። እንዲያው ምን ያለ ጊዜ ነበር! ደርግ መሬቱን ለአራሹ ብሎ ባልቴቷ ያለምዘውድ እንኳን በስሟ ማሳ አግኝታለች። አንድ ልጇ ደርቤ ሁለት በሬ ጠምዶ ያርሳል። ከደሃና የመጣችው ሙሽራ ደግሞ ቤቱን ሳቅ በሳቅ አድርጋዋለች። ከሰቆጣ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቀው በዚያች መንደር፣ ከእነሱ ቤት የሚሰማው ሳቅ ጎረቤቷን ተናኘን «እነዚህ ሰዎች ምን አግኝተው ነው?» ያሰኛት ነበር።

የያለምዘውድ አሮጌ ጎታ ከላይ እስከ ታች እኩል ወርድ ያለው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ነበር። ኅዳር ላይ ይሞላል፤ ከግርጌው ባለው ቀዳዳ እየተቀዳ ዓመቱን ይበላል። እሷም አልፎ አልፎ ሸምበቆ በአፉ ሰድዳ ትለካዋለች። ጎታው እስከ ወገቡ ሲወርድ ግንቦት ያልቃል፤ ግማሽ ዓመት ሄደ፣ ግማሽ ዓመት ቀረ ማለት ነው። በዚህ ልኬት ሠላሳ ዓመት ኖራለች፤ አንድ ቀን ዋሽቷት አያውቅም።

አሮጌው ጎታ ተሰነጠቀና ምራቲቱ አዲስ ልሥራ አለች። በእነሱ አገር እንደሚሠራው፣ ግርጌውን አስፍታ፣ ወደ ላይ እያጠበበች፣ አፉን የግርጌውን እኩሌታ አድርጋ ሠራችው። «አፉ ሲጠብ አይጥ አይደፍረውም፣ ነቀዝም አይበዛበትም፣ እማዬ» አለቻት። እውነትም ያማረ ጎታ ነበር። ያለምዘውድ ጎረቤት እየጠራች አሳየችበት፤ «የኔ ልጅ እጅ እኮ ነው» እያለች።

የዚያን ዓመት ገብስ ሲገባ ያለምዘውድ እህቷ ዘንድ ለተዝካር ሄዳ ነበርና ሲሞላ አላየችም። ስትመለስ ባልና ሚስቱ ዐሥራ ሁለት ስልቻ ገብስ ገልብጠው፣ አፉን ከድነው ጠበቋት። ሦስት ሰው በወር አንድ ስልቻ ይበላል፤ ዐሥራ ሁለት ስልቻ ልክ ዓመት ያደርሳል። እሰየው አለች።

መጋቢት ሲያልቅ፣ ሁዳዴው ሳይፈታ፣ ያለምዘውድ እንደ ልማዷ ሸምበቆዋን አነሣች። ሰደደችው፤ አወጣችው፤ ዳግመኛ ሰደደችው። እህሉ ወገቡ ላይ ወርዷል። ግማሽ! በአራት ወር! የክፉ ቀን ረኃብ ያየች ሴት ናት፤ የጎታ ነገር ለሷ ቀልድ አይደለም።

«ጥሩሐረግ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እህሉ ወዴት ሄደ?»

«ወደ ሆዳችን ነዋ፣ እማዬ!» ብላ ሳቀች ልጅቱ። የአማቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ።

ነገሩ እዚያው ቤት ቢያልቅ መልካም ነበር። ምን ያደርጋል፣ ያለምዘውድ ለተናኘ ነገረቻት፤ ለተናኘ የተነገረ ለአገር የተነገረ ነው። በሳምንቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ገብረ አምላክ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሸምበቆውን ራሱ ሰደደ፤ ራሱ ለካ። ወገቡ ላይ ነው።

«የወጣው በወር አንድ ስልቻ ነው» አለች ጥሩሐረግ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ። «አራት ወር፣ አራት ስልቻ። ስምንት ስልቻ ጎታው ውስጥ አለ።»

«ልጄ፣ የዐሥራ ሁለት ግማሽ ስድስት ነው» አላት ገብረ አምላክ። «ሁለቱ ስልቻ የት ገባ?»

«እኔ አላውቅም። እህል አልሰረቅሁም። ጎታው ይገልበጥና ይሰፈር!»

ይገልበጥ ስትል ሽማግሌዎቹ አማተቡ። በዚያ አገር ጎታ በዓመቱ መካከል አይገለበጥም፤ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። ያለምዘውድም ብድግ አለች። «በእኔ ቤት ጎታ አይገለበጥም! ሰርቀሽኝ ስታበቂ በረከቴን ደግሞ ልታባርሪ ነው?»

ልጅቱ ወደ ባሏ ዞረች። ደርቤ መሬት መሬት ያያል። እናቱ አንድ፣ ሚስቱ አንድ፤ ምን ይበል? ጥሩሐረግ ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ልብሷን ቋጠረችና በዚያው ቀን የደሃናን መንገድ ያዘች። ማንም አልሸኛትም።

ክረምቱን ያለምዘውድ ጎታውን ስትለካ የእህሉ መውረድ በጣም ዘገየ። ሰኔ ለካች፣ ነሐሴ ለካች፤ በአምስት ወር የወረደው ቀድሞ በአራት ወር ከወረደው እኩሌታው እንኳ አይሆንም። «አያችሁ? ሌባዋ ስትወጣ እህሉ አደረ!» አለች ለተናኘ። እንዲያ አለች እንጂ ደስ አላላትም። ቤቱ ጭር ብሏል። ደርቤ ከእርሻ ሲገባ በልቶ ይተኛል፤ ከእናቱ ጋር የሚለዋወጠው ቃል ስለ በሬና ስለ ዝናብ ብቻ ሆነ። እሷም አንዳንድ ቀን ጭብጦ ስትጋግር፣ ያቺ ልጅ ሳታስበው ከኋላዋ መጥታ ዓይኗን የምትሸፍናት ይመስላትና ዞር ትላለች።

አዲሱ ገብስ ኅዳር ላይ ተወቃ። ጎታው የቀረውን እህል አራግፎ ተጠረገ፤ በእበትና በአመድ ተለቀለቀ። ዘንድሮ ያለምዘውድ ራሷ ከመሰላሉ ላይ ቆማ ታያለች። ደርቤ እየተሸከመ ይገለብጣል። የዘንድሮውም ምርት እንደ አምናው ዐሥራ ሁለት ስልቻ ነው።

ስድስተኛው ስልቻ ሲገለበጥ ሸምበቆዋን ሰደደች። «ወይ ጉዴ! ደርቤ፣ ቆም በል! ይኼ ጎታ ያፈሳል!»

«ምን ሆነ?»

«ግማሹን አስገብተህ ወገቡ ጋ አልደረሰም! ከሲሶው እምብዛም አላለፈም!»

ደርቤ ግርጌውን ዞረው፤ በእጁ ዳሰሰው። መቅጃው ተደፍኗል፤ ስንጥቅ የለም፤ አንዲት ፍሬ መሬት ላይ አልፈሰሰችም። ሰባተኛውን ገለበጠ። ስምንተኛውን ገለበጠ። ያለምዘውድ ሸምበቆውን ስታወጣ እህሉ ልክ ወገቡ ላይ ደርሷል። አራት ስልቻ ብቻ ቀርቷል፤ ጎታው ግን ገና በቁመቱ እኩሌታ ባዶ ነው። «አይሞላም» አለች። ዘጠነኛው ሲገባ ግን እህሉ በዓይኗ ፊት ብድግ አለ። ዐሥረኛው ከዚያ ይበልጥ ከፍ አደረገው። ዐሥራ ሁለተኛው ስልቻ ሲገለበጥ ገብሱ ከአፉ ጋር እኩል ሆነ።

ያለምዘውድ መሰላሉ ላይ ደርቃ ቀረች። ጎታውን ከላይ ወደ ታች አየችው፤ ጠባብ አፉን፣ ሰፊ ግርጌውን። ከወገቡ በታች ስምንት ስልቻ፤ ከወገቡ በላይ አራት። አምና መጋቢት ላይ ወገቡ ጋ ሲደርስ የጎደለው አራት ስልቻ ነበር፤ የቀረው ስምንት። ልጅቱ እንዳለችው! እህሉም ክረምቱን ቀስ ብሎ የወረደው ሌባ ስለወጣ አልነበረም። አንድ አፍ ጎድሏል፤ ከዚያ ላይ ደግሞ እህሉ ከሰፊው ግርጌ ደርሶ ነው።

«ውረጂ እንጂ እማ» አላት ደርቤ።

«እንዴት አድርጌ ልውረድ፣ ልጄ? የሰው ልጅ ሌባ አሰኝቼ!»

ደርቤም ስልቻ ቆጣሪ ነበርና ገባው። ባዶውን ስልቻ ጥሎ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ወንድ ልጇ ሲያለቅስ ያየችው አባቱ የሞተ ቀን ብቻ ነበር።

በማግስቱ እናትና ልጅ ወደ ደሃና ተነሡ። ከጥሩሐረግ አባት ደጅ ሲደርሱ ያለምዘውድ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንሥታ ማጅራቷ ላይ ተሸከመች፤ በደለኛ እንደሚያደርገው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። «ልጃችሁ ንጹሕ ናት!» ብላ ጮኸች። «ስምንት ከታች፣ አራት ከላይ ነው! ጎታው መስክሮላታል! ሌባ ያልኋት እኔ ውሸታም ነኝ!»

ጥሩሐረግ ከቤት ወጣች። ከስታለች። መጥታ ድንጋዩን ከአማቷ ማጅራት ላይ በገዛ እጇ አወረደችላትና ጉልበቷን ሳመች። ያለምዘውድ ይኼን ስታይ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ነገ ሦስታቸው አብረው ሲመለሱ ታያት።

«ይቅር ብያለሁ፣ እማዬ» አለች ልጅቱ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጎታው ባይመሰክርልኝስ ኖሮ?»

ያለምዘውድ ድንጋዩን ደግማ ልታነሣ አጎነበሰች፤ ጥሩሐረግ እጇን ያዘቻት።

«ይሰፈር ብዬ ለምኜ ነበር። እርስዎ ቤት ግን የጎታ ቃል ከኔ ቃል ይበልጣል። እዚያ ቤት ተመልሼ አልገባም። ኩርፊያ አይደለም፤ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ሲጎድል ዓይንዎ ወዴት እንደሚያይ ስለማውቅ ነው።»

ሽማግሌ ተሰብስቦ ለመናት፤ አባቷ ለመናት፤ አልሆነም። በመጨረሻ ደርቤ ተነሣ። «ያን ቀን ዝም አልኩ» አለ። «ዛሬ ልናገር። እሷ ካልመጣች እኔ እዚህ እቀራለሁ።» ወንድ ከሚስቱ አባት ደጅ ጎጆ መቀለስ ነውር በሆነበት አገር ይኼን አለ። ያለምዘውድ ያኔ ልጇን ጨዋ አድርጋ እንዳሳደገችው ገባት፤ ገብቷትም አንጀቷ ተቆረጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ነው። መርቃቸው አህያዋን እየነዳች ብቻዋን ተመለሰች።

ዓመቱ አለፈ። ማሳዋን የገበሬ ማኅበሩ በደቦ አረሰላት፤ አጨደላት። ከደሃና ወንድ ልጅ ተወለደ ተብሎ ተላከባት፤ ሄዳ ስማው መጣች፤ እነሱም በዓል ሲሆን ይመጡና አንድ ቀን አድረው ይሄዳሉ። በሩን ዘግታ ስትቀመጥ አንዳንዴ እንደ ጥሩሐረግ በኽምጣኛ ለማንጎራጎር ትሞክራለች፤ ግጥሙ ግን እኩሌታው ይጠፋባታል።

አዲሱ ገብስ ሲደርስ ተናኘ አጨዳ ለማገዝ መጣችና ሸምበቆውን አንሥታ በጎታው አፍ ሰደደችው። አንድ አፍ ብቻውን የበላው እህል ገና ወገቡ ላይ ነው።

«እልል በይ እንጂ፣ አንቺ ሴት!» አለች ተናኘ። «ሌላው ጎታውን ጠርጎ ጨርሷል። ያንቺ ግን ዓመት ሙሉ ተበልቶም ስምንት ስልቻ አለ። እንዲህ ያለ በረከት የት ታይቶ ያውቃል!»

ያለምዘውድ ሸምበቆውን ተቀበለቻትና ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

«ምነው ባለቀ ኖሮ፣ ተናኘ» አለች። «ምነው በመጋቢት ባለቀ!»