ከመቶ አርባ ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ

ሰው በእጅ ጽሑፉ ይታወቃል ሲባል ሰምታችኋል። ይቺ ሴት ግን የታወቀችው በድንች ነው።

የምትሠራበት ምግብ ቤት አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ያለው ትንሽ ቤት ነው። ተመጋቢው አይጨበጥም፤ አንድ ቀን ሰላሳ ሰው ይመጣል፣ ሌላ ቀን ሰባ። የቤቱ ባለቤት እትዬ፣ አትክልት ሲያዝዙ እንደ ስሜታቸው ነበር። ደስ ያላቸው ሳምንት ጎመኑ ይበሰብሳል፣ የከፋቸው ሳምንት ደግሞ ዓርብ ላይ ሽንኩርት ያልቅና ከጎረቤት ይለመናል። እሷ በተቀጠረች በወሩ ይህን አይታ መታገሥ አልቻለችም፤ "እትዬ፣ እስቲ ስልኩን ለእኔ ይስጡኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ የሳምንቱን ትዕዛዝ ለአትክልት ነጋዴው የምትልከው እሷ ናት። እትዬ "ሚዛን" የሚል ስም አወጡላት፤ በዚያው ጸና።

አላላኳ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የየቀኑን ተመጋቢ ትጽፋለች። ቀጥሎ በየዓይነቱ ለአንድ ሰው ስንት ግራም እንደሚገባ፣ ለልጣጭና ለብልሽት አንድ አሥረኛ ጨምራ፣ ዕቃ ቤት ያለውን ቀንሳ፣ ጠቅላላውን። ከዚያ ጠቅላላውን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ግማሹ ሰኞ፣ ግማሹ ሐሙስ። የሰኞው ቲማቲም የበሰለ፣ የሐሙሱ ግን ገና ቀላ ቀላ ያለ፣ ቅዳሜ ድረስ እንዲቆይ። ነጋዴው ጋሼ እንዲህ ያለ መልእክት በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ይወዱት ነበር።

ይህን ጥበብ የት ተማረችው? በዱላ ነው የተማረችው። ከባሏ ጋር እንዲሁ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራቸው። ቆስጣ ጠውልጎ ከተገኘ በጥፊ ነው። ድንች ካለቀ "ሰው ፊት አዋረድሽኝ" ተብሎ አትክልት በሚጫንበት ሳጥን፣ በካሳ ጣውላ ነው። አሥራ አንድ ኪሎ ቲማቲም የበሰበሰ ዕለት ግራ እጇን ሰበረው። ከዚያ በኋላ ነው ግራም መቁጠር የጀመረችው። ምንም የማይተርፍ፣ ምንም የማይጎድል ትዕዛዝ መጻፍ ቻለች። እሱ ግን አዲስ ምክንያት ፈለገ፤ ምክንያት ደግሞ አይታጣም። ሽማግሌ አስታረቃቸው፤ ሰበራት። ፖሊስ "የቤት ጉዳይ ነው፣ ተስማሙ" አለ፤ ሰበራት። በመጨረሻ ከለበሰችው ልብስ በቀር ምንም ሳትይዝ እግሬ አውጪኝ አለች። አራት ዓመት ሆናት።

እንግዲህ ጋሼ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው። የሚመጣውን ትዕዛዝ የሚያነብላቸው የመጋዘኑ ጫኝ ነው፤ ጫኙም በዚያ ወር አዲስ የተቀጠረ ጡንቸኛ፣ አፈ ጮማ ሰው። የዚያን እሑድ ስልኩን ተቀብሎ አነበበ። "ድንች፣ ለአንድ ሰው መቶ ሰማንያ ግራም፣ ለልጣጭ አንድ አሥረኛ።" አነበበና እንደገና ከመጀመሪያው አነበበው። ጋሼ "ምን ሆንክ?" ቢሉት "ምንም፣ ጎበዝ ጸሐፊ ናቸው" አለ አሉ።

ሰኞ ጠዋት ዕቃውን ያመጣው የወትሮው ሹፌር ነው። ሚዛን ካሳዎቹን በኩሽናው በር ተቀበለች፣ መዘነች፣ ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት እያየች ምልክት አደረገች። ከወረቀቱ ግርጌ በእስክሪብቶ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር።

"የሐሙሱን እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ።"

የእጅ ጽሑፉን አወቀችው፤ የባሏ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሰውዬው ማስጠበቅ ይወዳል። ድሮም ጠዋት ሲወጣ "ማታ እንነጋገራለን" ይልና ይሄዳል፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ትውላለች። ይህም ከዱላው ያላነሰ ይጥመው ነበር። አሁንም ሦስት ቀን ሰጣት፤ ትንቀጥቀጥልኝ ብሎ።

ማክሰኞን ተንቀጠቀጠች። ሻንጣዋን አወጣች፣ መለሰች። ብትሄድ የት ትሄዳለች? የትም ብትቀጠር ኩሽና ነው፣ ኩሽና ካለ ትዕዛዝ አለ፣ እሷ ደግሞ ሌላ አጻጻፍ አታውቅም። ሲነጋ ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ግን አንጀቷ ቅጥል ብሎ ነበር።

የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው። በካሳ የሚመጣ ቀላል ዕቃ በኩሽናው በር ላይ ይቀራል። ሃምሳ ኪሎ ጆንያ ከሆነ ግን አምጪው ራሱ ተሸክሞ ወደ ምድር ቤቱ ዕቃ ቤት ያወርዳል። ወደዚያ የሚያስወርዱት ሰባት የድንጋይ ደረጃዎች ናቸው፤ ጠባብ፣ በአንድ ጎናቸው መያዣ የሌላቸው። የሐሙሱ ድንች ሃያ ስምንት ኪሎ በካሳ ነበር። እንደዚያ ከመጣ ካሳውን በሩ ላይ አስቀምጦ እጁ ነፃ ሆኖ ያገኛታል ማለት ነው።

ለሐሙስ የሚታረም ትዕዛዝ እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት መድረስ አለበት፤ ጋሼ ሐሙስ ንጋት ጅምላ ተራ ይወርዳሉና። ሚዛን ረቡዕ በአራት ሰዓት ስልኩን ያዘች።

ውሸቱ በትክክል መሰላት ነበረበት። ድንቹን ብቻ ብታሳድግ ሰውዬው ወዲያው ይነቃል፤ ያንን ሂሳብ ከሷ ቀጥሎ የሚያውቀው እሱ ነው። ሁሉም በልኩ ማደግ አለበት። ሦስት ጊዜ ደመረች፣ ሦስት ጊዜ ቀነሰች፣ ላከች።

"ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። የዚህ ሳምንት ተስተካክሏል። የመንገድ ሥራ ሠራተኞች ሦስት ቀን ምሳ ይበላሉ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለው ተመጋቢ ከ140 ወደ 250። ስለዚህ የሐሙሱ ጠቅላላ፦ ቲማቲም ከ21 ወደ 38 ኪሎ። ሽንኩርት ከ14 ወደ 25። ካሮት ከ7 ወደ 12 ተኩል። ድንች ከ28 ወደ 50፣ በአንድ ጆንያ ይሁን። የሰኞው ደርሶናል፣ አይደመርም።"

ጋሼ ለእትዬ ደወሉ። "ገበያው ደራልሽ አሉ!" እትዬ ግራ ገባቸው፤ ስልኩን ዘግተው ወደ ኩሽና መጡ። "አንቺ ልጅ፣ የምን የመንገድ ሠራተኛ ነው?"

ሚዛን ሁሉን፣ ያሰበችውንም ጭምር ነገረቻቸው። ጠማማውን ክንዷን እጅጌዋን ሰብስባ አሳየቻቸው። እትዬ ተመለከቱት፣ ነካ አደረጉት። ወዲያው ፖሊስ ጣቢያ ደወሉ፤ የተሰጣቸው መልስ "አንድ ነገር ሲፈጠር ደውሉ" የሚል ነበር። እትዬ ስልኩን ዘጉት።

"ሃምሳ ኪሎ ይበቃል?" አሉ።

"ከዚያ ካለፈ ሂሳቡ ይበላሻል።"

"የሠራሽውን አንቺ ታውቂያለሽ" አሉና ትልቁን ዘነዘና ከሙቀጫው አውጥተው ሰጧት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ሚዛን ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከደረጃው ጎን፣ መብራቱ በማይደርስበት ጥግ ቆማለች። ዘነዘናውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። ከላይ የመኪና በር ተዘጋ፣ የእትዬ ድምፅ ተሰማ። "ካሳውን እዚያ ተወው። ጆንያውን ወደ ታች አውርደው፤ እዚያ ትቀበልሃለች።"

"እሺ የኔ እናት" አለ፤ ሲፈልግ ማር ነው።

ጆንያውን ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ ሁለቱን የጆንያውን ጆሮዎች በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ አንገቱን ደፍቶ መውረድ ጀመረ። ከራሱ ጫማ በቀር የሚያየው ነገር የለም።

"ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው!" አለ እየወረደ። "ጎበዝ። ደምሬ አይቼዋለሁ፣ አንዲት ግራም አልተሳሳትሽም። አየሽ፣ ስቀጣሽ ገባሽ።"

አራተኛው ደረጃ ላይ ቅልጥሙን መታችው።

አጥንቱ ሲሰበር ሰማችው። ሰውዬው ከነጆንያው ተምዘግዝጎ ወረደ፤ ግንባሩ ድንጋዩን መታ፣ ሃምሳው ኪሎ ጀርባው ላይ አረፈ፤ ጆንያው ተቀዶ ድንቹ ወለሉን ሞላው። ጮኸ። እሷ ወደ ደረጃው ልትዘል ስትል ግን ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። እንዴት ያለ እጅ ነው! ጎትቶ ጣላት፣ በክንዱ እየተሳበ ላይዋ ወጣ፣ ከግንባሩ የሚወርደው ደም ዓይኗ ውስጥ ገባ። ጉሮሮዋን አነቀ። "ዛሬ ጨረስኩሽ" አለ፤ ያልተቆጣ ሰው ይመስል ቀስ ብሎ።

ዘነዘናው ከእጇ ወድቋል። ጥርሷ ግን አለ። አውራ ጣቱን ነከሰችው፣ እስኪቆረጥም ነከሰችው። ለቀቃት። በእጇ ስትዳብስ ዘነዘናውን አገኘችና ትከሻውን አለችው፤ ክንዱን አለችው፤ ሊከላከል የዘረጋውን መዳፍ ከድንጋዩ ጋር አጣበቀችው። እትዬ ሲሮጡ ወርደው ድንች የቀረበትን ጆንያ ጀርባው ላይ መልሰው ጫኑና እላዩ ላይ ቁጭ አሉ። የእትዬ ክብደት የማይናቅ ነው። ሰውዬው ትንፋሽ አጠረው።

"በቃ ልጄ" አሉ እትዬ። "በቃው።"

ሚዛን ቆማ አየችው። አንድ እግሩ ተሰብሯል። የሰው እግር ለመጠገን ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት። ፖሊስ ይይዘዋል፣ ሽማግሌ ይመጣል፣ ይወጣል። ከዚያስ? አራት ወር አነሰ። የጎደለውን ደግሞ እሷ ነበረች የምትከፍለው፣ ሁልጊዜ።

"እትዬ፣ ፊትዎን ያዙሩ" አለች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

አልመለሰችላቸውም። ባሏ ግን ገባው፤ ዓይኗን አየና ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ጠርቶ ለመናት። "ተይ፣ በልጅነታችን" አለ። ልጅነት! የደህናው እግሩ የጉልበት ሎሚ ላይ አነጣጠረችና ዘነዘናውን ሁለት ጊዜ አሳረፈችበት። ሁለተኛው አስፈላጊ ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ ለብልሽት የሚጨመረው መሰላት።

የእትዬ ስልክ ጮኸ። ጋሼ ናቸው፤ ጫኛቸው ስለዘገየ። እትዬ ስልኩን ለሷ ሰጧት።

"ጋሼ፣ ሠራተኛዎ ጆንያ ሲያወርድ ደረጃ ላይ ወድቋል" አለች። ጉሮሮዋ ስላበጠ ድምፅዋ የሌላ ሰው ነበር። "ተሰብሯል። መኪናውን የሚወስድ ሌላ ሰው ይላኩ።"

"ውይ፣ ውይ! እኔን! ዕቃውስ? የጎደለ አለ?"

"የለም" አለች። "ልክ ነው።"

ስልኩን መለሰችና የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። እትዬ ፖሊስ ሊጠሩ ወጡ። ሰውዬው እያቃሰተ ነው፤ ከእንግዲህ ተነስቶ የሚደርስባት የለም። ያኔ፣ ስታለቅስ ድምፅ ካሰማች ዱላው ስለሚጨመርባት ያን ሁሉ ዓመት በመዳፏ ስትይዘው የኖረችውን አፏን ለቀቀችውና ጮክ ብላ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪሰማ አለቀሰች።