የእርቁ መለኪያ

ባሌን ምንዋጋውን የገደለው የሻምበል የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰቆጣ ገበያ ዳር፣ መንገድ ሲያቋርጥ ገጨው። ትራፊኳ ሰርካለም በትንፋሽ መለኪያ ስትመረምረው ከሕጉ ልክ በታች ሆኖ ተገኘ። ልኩ ያኔ በአንድ ሊትር ትንፋሽ ዜሮ ነጥብ አራት ሚሊ ግራም አልኮል ነበር፤ እሱ ላይ የተነበበው ዜሮ ነጥብ ሦስት። በቸልተኝነት መግደል ተከሶ በዋስ ወጣና ባጃጁን መንዳት ቀጠለ። በየሄደበት፣ ሁለት መለኪያ አረቄ ብቻ ነው የጠጣሁት፣ መሣሪያውም ነፃ ብሎኛል ይል ነበር። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሽማግሌዎች ደም ይድረቅ ብለው መጡ። መሪያቸውን አባ ወልደ ኢየሱስን ሦስት ጊዜ መለስኳቸው። በአራተኛው እሺ አልኩ፤ ይቅር ያልኩ እንዳይመስላችሁ። በእኛ ዘንድ በእርቅ ቀን በዳይ ከሟች ቤት እህል ይቀምሳል፤ የሟች ወገን በእጁ የቀዳለትንም አይመልስም። ያን መመለስ እርቁን መመለስ ነው። እኔ ደግሞ በአረቄ የታወቅሁ ነኝ። ልኩን እስኪያልፍ አጠጥቼው፣ ባጃጁን አስነሥቶ ሲወጣ ለሰርካለም ልደውል ቆረጥኩ። መንጃ ፈቃዱን ትቀማው፣ በክሱ ላይ ክስ ይደረብበት፣ ወህኒ ይበስብስ። መንገዱ ላይ ማን ሊኖር እንደሚችል አንዴም አላሰብኩም።

በቀጠሮው ቀን የሻምበል እንደ በዳይ ወግ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ሥር ወደቀ። አነሣሁት። በባዶ ሆዱ እንዲይዘው ከምግቡ በፊት አንድ ቀዳሁለት፤ ጨለጠው። ሁለተኛውንም ጨለጠው። ለሦስተኛው ሳዘነብል መለኪያውን በመዳፉ ሸፈነ።

"ይበቃኛል እታለም። ሁለት ከልክ አያሳልፍም፤ አውቀዋለሁ።"

ምንዋጋውን ገድሎ ያተረፈው ትምህርት ይኼ ነው። ባንቀው ደስ ባለኝ። አንገቱን ደፍቶ የገባው ሰው አሁን ይስቃል፤ ይህን ቁልቁለት ዓይኔን ጨፍኜ እወርደዋለሁ እያለ ለሽማግሌዎቹ ይጎርራል። ምላሱ አልተሳሰረም፤ እግሩም አልተንገዳገደም። መጠጡ ቀድሞ የወሰደበት ማመዛዘኑን ነበር፤ ማመዛዘኑ መሄዱን ደግሞ በምኑ ይወቀው?

ሲነሣ፣ ምናልባት በሁለቱም ልኩን አልፎ ይሆናል ብዬ ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ሰርካለም ሳታነሣ ቀረች። ስመለስ አማቴ እማማ ወለተጊዮርጊስ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠዋል። የታረቀ ልጅ ወደ ቤቴ ያድርሰኝ ብለው ነው። የምንዋጋው እናት። ውረዱ ልል አፌን ከፈትኩ። ለምን ቢሉኝስ? ሆን ብዬ አጠጥቼዋለሁ ልበል፣ በአባ ወልደ ኢየሱስ ፊት? ከመንገዱ ገለል አልኩ። ባጃጁ ሄደ።

እማማን ይዞ ያን ቁልቁለት እንደሚወርድ ያኔ ነው የታየኝ። መንገዱ ዞሮ ነው የሚወርደው፤ በእግር ግን አቋራጭ አለ። በእሾኹ መሐል ሮጬ ከታች መንገዱ ላይ ወጣሁና ነጠላዬን እያውለበለብኩ መሐል ቆምኩ። ከሩቅ መጣ፤ ቀጥ ያለ ቦታ ነው፤ ፊት ለፊት ያየኛል። አየኝ፣ ግን ፍሬን አልያዘም። ፍሬኑ ሲንጫጫ አጠገቤ ደርሷል። ባቴን መትቶኝ ከዳር ግንብ ጋር ተላተመ።

ሰርካለም መጥታ በሜትር ለካች። እኔ ግንቡ ሥር ተቀምጬ፣ የተሰበረው እግሬ እንጨት ታስሮበት፣ የሻምበልን እንደ ጠላት እያየሁ ነበር። ሲነፋ ዜሮ ነጥብ ሦስት አንድ ወጣ።

"ከልኩ በታች ነኝ፤ እዪው" አለ።

"ልኩ የሚቀጣህ ከየት ጀምሮ እንደሆነ ነው የሚነግርህ እንጂ እስከዚያ ደህና ነህ አላለህም" አለችው። "በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ስትነዳ በሰከንድ ስምንት ሜትር ትሄዳለህ። አይተህ ፍሬን እስክትይዝ ግማሽ ሰከንድ ብትዘገይ አራት ሜትር ነው። የፍሬንህ ምልክት ከሴትዮዋ ሦስት ሜትር ሲቀር ነው የጀመረው። አራቱን ሜትር ቀድመህ ብትይዝ ሳትነካት ትቆም ነበር።" በአካል ጉዳት እንደሚከሰስም ነገረችው፤ መለኪያው ከዚያ አያድነውም። መንጃ ፈቃዱን ስትቀበለው አይቼ ተደሰትኩ። አልዋሽም፣ ስብራቴን እስክረሳ ተደሰትኩ።

ከዚያ፣ ከባጃጁ ያወጧቸውን እማማ ወለተጊዮርጊስን ደግፈው አጠገቤ አስቀመጧቸው። ክንዳቸው ተሰብሯል፣ ግንባራቸው ደም ብቻ ነው። ሰርካለም ማን እንዳጠጣው ጠየቀች። የሻምበል ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ እንጂ ስሜን አልጠራም። አማቴ ግን አዩኝ።

"ጥሩሐረግ፣ እኔ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጬ አየሽኝ?"

"አይቻለሁ እማማ።"

መልሴን ይዘው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። በሦስተኛው ሳምንት አባ ወልደ ኢየሱስ ሽማግሌዎቹን ይዘው እንደገና ሰበሰቡን። እማማ ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው በተበዳይ ወንበር ተቀመጡ። እኔ በምርኩዝ እየተጎተትኩ ገባሁ፤ ድንጋዩንም ለእኔ አቀረቡልኝ።