አራቱ ደንቦችና የመጀመሪያው በረዶ

አለቃችን ቮይቶ የለመነን አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ነገ የምታሠለጥናችሁ ልጅ ገምጋሚ ተከትሏት ነው ከሄልሲንኪ የምትመጣው። የአሠልጣኝነት ፈቃድ ማግኘት አለማግኘቷ በመክፈቻው አሥር ደቂቃ ነው የሚወሰነው። ባለፈው አንዴ ወድቃለች፤ ሦስተኛ ዕድል የለም። እባካችሁ ሰው ምሰሉላት።»

«ምን ዓይነት ሰው?» አለ ኡርፖ።

«ፈገግ የሚል።»

ኡርፖ ሞከረው። ቮይቶ ትንሽ ካየው በኋላ፣ «ተወው፣ ይቅር» አለው።

የከተማውን መንገድ ከበረዶ የምንጠርግ ዘጠኝ ሾፌሮች ነን። ሥልጠናው ደጃፉ ላይ የበረዶ ክምር ጥለንበት ያለፍነውን ነዋሪ በትህትና ስለማነጋገር ነው። እስከዚያ ቀን የምናውቀው ዘዴ መስኮቱን ዘግቶ መንዳት ነበር። ቅሬታ አልሰማንም።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ስንደርስ አሠልጣኟ ኢልታ የመሥሪያ ቤቱን ምሳ ክፍል ወንበሮች በግማሽ ክብ ደርድራ፣ በር ላይ ቆማ እያንዳንዳችንን በእጅ ጨበጠች። ሃያ ስምንት ቢሆናት ነው፤ እጇ ግን የመቶ ዓመት ቅዝቃዜ ነበረው። ገባንና እያንዳንዳችን ወንበራችንን ይዘን ወደ ግድግዳው አፈገፈግን። በመካከላችን አንድ አንድ ሜትር ተውን። ካፖርታችንን አላወለቅንም። ግማሽ ክብ የነበረው ነገር የአውቶቡስ ፌርማታ መሰለ።

ገምጋሚዋ ወይዘሮ ማርኬታ አጠገቤ ተቀምጣ የሩጫ ሰዓቷን ጫነች። ጭኗ ላይ ያለው ቅጽ ሦስት ሣጥን አለው፦ ዓላማ፣ ደንብ፣ ድባብ። ሳይዞሩ ጎንን ማየት እንጀራዬ ስለሆነ ሁሉንም አነበብኩት።

ዓላማው ላይ ኢልታ ጎበዝ ነበረች። «እስከ እኩለ ቀን ድረስ እያንዳንዳችሁ የተናደደ ሰውን በሦስት እርምጃ ማብረድ ትችላላችሁ። መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ እንሞክረዋለን፤ እኔ ተናዳጅ እሆናለሁ» አለች። አጭር፣ የሚጨበጥ፣ ሲያልቅ የሚለካ። ማርኬታ ሣጥኑ ላይ ምልክት አደረገች።

«አሁን ደግሞ እንተዋወቅ። ስማችሁንና የዛሬውን ስሜታችሁን እንደ አየር ሁኔታ አድርጋችሁ ንገሩኝ። እኔ ኢልታ ነኝ፤ ውስጤ ትንሽ ደመና አለ፣ ፀሐይ ግን ብቅ እያለች ነው።»

ሁላችንም ጫማችንን አየን። ለእኛ የተለመደ ነው፤ የእሷ አንገት ግን ቀላ።

«ታውኖ» አለ በመጨረሻ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሽማግሌያችን። «ከዜሮ በታች ሁለት። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ።»

«ኡርፖ። ያው።»

«እኔም ያው» እያልን እስከ ዳር ደረስን። አንዱ ብቻ፣ «ነፋሱ እየበረታ ነው» ብሎ አሻሻለው። ኢልታ እያንዳንዱን መልስ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ተቀበለች። ማርኬታ ድባብ የሚለው ሣጥን ላይ እርሳሷን አንዣብባ መለሰችው።

አራተኛው ደቂቃ ላይ ደንቡ መጣ። ኢልታ ቤቷ በጥንቃቄ የጻፈችውን ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈች። አንድ፣ ከዕረፍት በሰዓቱ መመለስ። ሁለት፣ ስልክ ይጠፋና ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ሦስት፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። አራት፣ የሌላውን ሐሳብ ማክበር።

«የሚቃወም አለ?»

ዝም። እኛ ዘንድ ዝምታ ፊርማ ነው።

የዳቦ ቅርጫቱ ዞረ። ስልኮቻችንን አጥፍተን ጨመርን። ኡርፖ በረዶ ሲጥል መጀመሪያ የሚጠራው የዕለቱ ተረኛ ነው፤ ስልኩን ከቅርጫቱ በላይ ለአፍታ ያዘው፣ ወረቀቱን አየ፣ ተነፈሰ፣ ጨመረው። ማርኬታ ከደንብ ሣጥን አጠገብ ጻፈች፦ «ይዛው መጣች። ከእነሱ አላወጣችውም። ለምን እንደሚያስፈልግም አልጠየቀችም።» ማርኬታ የራሷን ስልክ ሳታጠፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትታለች፤ ገምጋሚ ተሳታፊ አይደለማ።

ኢልታ ደንብ እንዴት መተማመንን እንደሚገነባ ማብራራት እንደጀመረች የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ መውረድ ጀመረ።

መስኮቱ ከኋላዋ ነው። ዘጠኛችንም አየነው። መጀመሪያ እንደ ዱቄት፣ ከዚያ እንደ ላባ። ኡርፖ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። በዚህ ሰዓት ድልድዩ ላይ በረዶ የሚያቀልጥ ጨው ካልተበተነ ልጆች የጫነው አውቶቡስ ቁልቁል በጎኑ ነው የሚወርደው። ግን ደንብ ሦስት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ኢልታ ደግሞ እየተናገረች ነው። ስለዚህ እስክትጨርስ ጠበቅን። ዓይናችን በሙሉ በትከሻዋ በኩል ስለሚያልፍ የምናዳምጣት መስሏት ፊቷ በራ፤ ማብራሪያውን አስረዘመችው።

ሰባተኛው ደቂቃ ላይ የማርኬታ ቦርሳ ጮኸ፤ ስልኩን አውጥታ አነሳችው። ሥልጠናውን ያስያዘው ቮይቶ ቁጥሯን ያውቀዋል፤ ድምፁ ደግሞ ማጉያ አያስፈልገውም።

«ሰዎቼን ምን አደረጋችኋቸው? አንዳቸውም አያነሱም! ኡርፖ ሞተ?»

«አልሞትኩም» አለ ኡርፖ ከተቀመጠበት። «ሥልጠና ላይ ነኝ።»

ኢልታ ዞር ብላ መስኮቱን አየች። ወደ እኛ ተመለሰች። «መቼ ጀመረ?»

«አንቺ መተማመን ስትዪ» አለ ታውኖ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እያወራሽ ነበራ፣ ልጄ። ሦስተኛውን እይው።»

ወረቀቱን አየችው። ማርኬታን አላየችም፤ ይህን ልብ ብዬዋለሁ። ቅርጫቱ ውስጥ እጇን ከታ ስልኩን ለኡርፖ ወረወረችለት። ወረቀቱን ገንጥላ ጨምድዳ ጣለች፤ ባዶ ወረቀት ለጥፋ ማርከሩን ለታውኖ ሰጠችው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዴት እንደምትሠሩ ሳልጠይቅ ደንብ ጻፍኩላችሁ። የቀረን ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ዛሬ እንድንሠራ ምን ያስፈልጋችኋል?»

እዚህ ላይ ዝም እንላለን ብዬ ነበር። አላልንም።

«የተረኛ ስልክ ክፍት ይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ።»

«መስኮቱን ወደምናይበት እንቀመጥ። አንቺም ጭምር።»

«በረዶ ያየ ማንንም ያቋርጣል።»

«ቄስም ቢሆን» አለ ኡርፖ ጓንቱን እያጠለቀ።

«ስሜታችንን አንጠየቅ።»

«ከምሳ በፊት» አለች ኢልታ።

«ከምሳ በፊት» ብሎ ታውኖ ጻፈው። ሰው ተንሾካሾከ፣ አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። «ያልተፈቀደ ስልክ የጮኸበትስ?» አለ ሌላው።

«ለሁላችንም የቀረፋ ዳቦ ይግዛ!»

«የቀረፋ አይደለም፣ የሄል ነው።»

ዘጠኛችንም፣ ኢልታም ከእኛ ጋር፣ ወደ ማርኬታ ዞርን። ማርኬታ የሩጫ ሰዓቷን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ያዘች።

«እኔ እኮ ገምጋሚ ነኝ።»

«ደንብ ነው፣ እመቤቴ» አለ ታውኖ። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ግድግዳው ነው።»

ኡርፖ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጨው በትኜ በአርባ ደቂቃ እመለሳለሁ። የእኔን ድርሻ አስቀምጡልኝ» አለና ፈገግ አለ። ትናንት ቮይቶ የከለከለው ፈገግታ ነው፤ ዛሬ ግን አላስፈራም።

ሰዓቱ ጮኸ፤ አሥር ደቂቃ። ኢልታ አሁን ነበር ማርኬታን ያየቻት፤ ማርከሩን የሰጠችበትን ባዶ እጇን የት እንደምታሳርፈው ጠፍቷት። ማርኬታ ደንብ ከሚለው አጠገብ የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ድባብ ላይ ቆየች። ክፍሉን አየች። በዚያው ቅጽበት ታውኖ ካፖርቱን አውልቆ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ ከካፖርቱ ሥር ቀይ ሹራብ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ምልክት አደረገች። ከዚያ ቅጹን አጣጥፋ ወደ እኔ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

«እዚህ አካባቢ ዳቦ ቤቱ ስንት ሰዓት ይከፍታል?»