ካላቃጠለ አይሠራም

ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር መድኃኒት ቤት ከከፈትኩ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ሰዉ የሚያምነው የሚያሰቃየውን መድኃኒት ብቻ ነው። ሽሮፑ ካልመረረ ውሃ ነው። መርፌው ካላሳመመ ነርሷ አልወጋችም። የፊት ቅባት ካላቃጠለማ ጭራሽ አይሠራም። "ዶክተር፣ ጠንከር ያለ የለሽም?" ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ፋርማሲስት ነኝ፤ ማረሙን ግን ከተውኩት ቆየሁ። ጠንከር ያለ ሲሉኝ የሚልጥ ስጪን ማለታቸው ነው።

እኔ ታዲያ ስለዚህ ነገር ቀኑን ሙሉ ስሰብክ የምውል ሴት፣ አንድ ጠዋት ልጄን ልቀሰቅስ ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? ዮዳሄ ፊቷ ላይ የጥርስ ሳሙና ነጠብጣብ ደርቆ ተኝታለች። ግንባሯ ላይ፣ ጉንጯ ላይ፣ አገጯ ላይ። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ብጉር የጀመራት ገና በዚያ ሰሞን ነበር።

"ወይ ጉዴ! ይሄ ምንድነው?"

"ያደርቀዋል።"

"ማን አለሽ?"

"ሁሉም ሰው።"

ሁሉም ሰው ማለት የብሎካችን ደረጃ ነው። እኛ ብሎክ ውስጥ ብጉር ይዞ ከአራተኛ ፎቅ የተነሳ ሰው ምድር እስኪደርስ በየፎቁ አንድ አንድ መድኃኒት ይታዘዝለታል። አራተኛው ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ሦስተኛው ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለተኛው ላይ እትዬ ሐሚዳ። እትዬ ሐሚዳ ቅመም ነጋዴ ናት፤ ደግ ናት፤ ስታመም ሾርባ ይዛ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። የእሷ መድኃኒት ደግሞ ሎሚ በስኳር ነው። "እስኪቀላ ድረስ እሺው፣ ወላሂ በሦስተኛው ቀን ልጅሽን አታውቂያትም" ትላለች።

ዮዳሄ ለካ ከትናንት ወዲያ በሎሚና በስኳር ፈትጋ፣ በላዩ ላይ ነው የጥርስ ሳሙናውን የለጠፈችው። ለብ ባለ ውሃ ቀስ አድርጌ ሳጥብላት፣ እንደተባለውም ልጄን አላወቅኋትም። ፊቷ ቀልቷል፣ ጉንጯ ተላልጧል፣ ብጉሩ ግን ምንም ሳይሆን ቁጭ ብሏል።

"እማ፣ ያቃጥላል!"

"ታዲያ ደስ ይበልሽ፣ እየሠራ ነዋ።"

አለቀሰች። እኔም ምላሴን ረገምኩት።

ያለቀሰችው ግን ለፊቷ ብቻ አልነበረም። ሁለት ወር ቆይቶ የቤተ ክርስቲያናችን የምስረታ በዓል ነው፤ መዘምራኑ ሲዘምሩ የመጀመሪያውን ስንኝ ለብቻዋ እንድታወጣ የተመረጠችው ዮዳሄ ናት። ይህቺ ልጅ ከመናገሯ በፊት ያንጎራጎረች ልጅ ናት፤ ዕቃ እያጠበች እንኳ ጎረቤት ጆሮውን ይሰጣታል። ያን ቀን ግን አልጋዋ ላይ እንደተቀመጠች "ለፊሊጶስ እነግረዋለሁ" አለችኝ። ፊሊጶስ የመዘምራኑ መሪ ነው። "ካሜራ አለ፣ በትልቁ ስክሪን ይታያል። እኔ አልቆምም። ሀና ትዘምር፤ የሀና ፊት መስታወት ነው። ከመዘምራኑ ውስጥ ብጉር ያለብኝ እኔ ብቻ ነኝ።"

ሀና ግን በዚያው ሳምንት መድኃኒት ቤቴ መጥታ ነበር። የሹራቧን ኮፍያ እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ሰው እስኪወጣ የሳል ሽሮፕ የምታነብ መስላ ቆማ፣ በመጨረሻ "ዶክተር፣ የብጉር መድኃኒት አለ? ለአክስቴ ልጅ ነው" አለችኝ። መስታወት የተባለው ፊቷ ላይ ፓውደር በደንብ ተለስኗል። ከእሷ በፊት ከወንዶቹ ኦልጅራ ማስክ አድርጎ መጥቷል፤ "ለጓደኛዬ" ብሎ። የመዘምራኑ ግማሽ በየተራ መጥቶልኛል፤ ቀሪውም ከዚያ በኋላ መጣ። ሁሉም የሚገዙት ለሌላ ሰው ነው፤ የዚህን ሁሉ ሰው ብጉር ታመው የሚዞሩት የአክስት ልጆች የት እንደሚኖሩ ጌታ ይወቅ።

ለምን ለልጅሽ አልነገርሽም ትሉኝ ይሆናል። አልነግርማ! ከባንኮኒዬ ወዲህ የተነገረኝን እቤት ይዤ ከገባሁ ነገ ማን አምኖኝ ምን ሊጠይቀኝ ነው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ሆዴም ፈጀው።

"ስሚኝ" አልኳት። "ብጉር ቆሻሻ አይደለም፤ በእድሜሽ ቆዳ ቅባቱ ይበዛል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ይቆጣል። የተቆጣን ነገር በስኳር መፈተግ የባሰ ማስቆጣት ነው። የጥርስ ሳሙና ደግሞ የተሠራው ለጥርስ ነው፤ ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አሁን ምንም። ለስላሳ የፊት ሳሙና ጠዋትና ማታ፣ በጣትሽ፣ ሳትፈትጊ። ከዚያ ቅባት የሌለው ማለስለሻ። ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ። የተላጠው ሲድን ደግሞ ይሄን ጄል በስሱ፣ መጀመሪያ አንድ ማታ እያለፍሽ። አታፍርጪውም፤ ይሄን እጅሽን ከፊትሽ ላይ አንሺ።"

"ይሄ ብቻ? ያቃጥላል?"

"ትንሽ ሊቆጠቁጥ፣ ሊያደርቅሽ ይችላል። ካቃጠለሽ ታቆሚያለሽ።"

"ካላቃጠለ እንዴት ይሠራል?" አለችኝ። የፋርማሲስት ልጅ!

ባለቤቴ ሂርጳ ከበሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። "እኔ በእሷ እድሜ በእግር መፋቂያ ድንጋይ ነበር የማሸው" አለ።

"ያስታውቃል" አልኩት። ጉንጩን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

በመጨረሻ ተስማማን፤ ለውጡ ስድስት ሳምንትም ስምንት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል፣ እስከዚያ ለፊሊጶስ ምንም አትናገሪም አልኳት። እሺ አለች፤ ግን መድኃኒቴ እንደማይሠራ አሳይታ እኔን ለማሳፈር ስትል እንደሆነ ያስታውቅባት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም የለም። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ "እማ፣ መድኃኒትሽ ኤክስፓየር አድርጓል እንዴ?" ትለኛለች። ደረጃ ላይ ደግሞ እትዬ ሐሚዳ አላሳልፍ አለቻት፤ "ሎሚውን ተውሽው እንዴ? ኧረ በአላህ ጨክኚ!"

ከዚያ አዲሶቹ እየቀነሱ መጡ። በዓሉ ሲደርስ አገጯ ላይ ጥቂት ብጉር ቀርቷል፤ ጉንጯ ላይ ደግሞ የሎሚውና የጥርስ ሳሙናው ጥቁር ምልክት ገና አልለቀቀም። እሱ ወራት ይፈልጋል። ቢሆንም ዕቃ ስታጥብ ማንጎራጎር ጀምራ ነበርና እኔ በልቤ አሸንፌአለሁ ብዬ ነበር።

የበዓሉ እሁድ ጠዋት ጩኸት ሰማሁ።

ለመዘምራኑ በዚያ ሰሞን አዲስ ልብስ ተሰፍቶላቸዋል፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ኮሌታው ቆም ያለ። በዓሉን ምክንያት አድርጎ ሳምንቱን ሙሉ የማታ ፕሮግራም ነበር፤ ዮዳሄ ጄሏን ተቀብታ፣ ልብሷን ለብሳ ትሄዳለች። አሁን ኮሌታውን ይዛ ቆማለች። አገጯ የሚነካው ቦታ ሁሉ ነጣ ነጣ፣ ብርቱካንማ ብርቱካንማ ብሎ ተዥጎርጉሯል።

ወዲያው ገባኝ። ይሄ ጄል የጨርቅ ቀለም ይበላል። ለደንበኞቼ ሁሉ "ነጭ ፎጣ፣ ነጭ የትራስ ልብስ" እያልኩ እሸጣለሁ። ፎጣ ብያለሁ፤ ትራስ ብያለሁ። ኮሌታ የሚል ቃል ግን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

"ፊቴ አንሶ ልብሴ ላይ ተጻፈብኝ!" አለች። "ሁሉም ያያል። ሁሉም ይጠይቀኛል። አልሄድም!"

ሂርጳ በወይን ጠጅ ማርከር እናቅልመው አለ፤ ማርከሩን ግን ሲያገኘው ሮዝ ሆነ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እንደገና ለምኜ፣ በመጨረሻ የራሴን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠመጠምኩላት። ለፊሊጶስ ጉሮሮዬን በርዶኛል ልትለው ተስማማን። በታክሲ ስንሄድ የሻርፑን ጫፍ በጣቷ ስትጠቀልል ስትፈታ ነበር። ዛሬ ካልቆመች ዳግመኛ እንደማትቆም አውቃለሁ፤ ልጄን አውቃታለሁ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ካሜራው፣ ትልቁ ስክሪን፣ ሁሉም አለ። መዘምራኑ ተሰልፈው ገቡ። ዮዳሄ ሻርፗን እስከ አፏ ስባ፣ መሬት መሬቱን እያየች ማይክራፎኑ ጋ ቆመች።

እኔ ቀና አልኩ። ሀናን አየኋት። ቀጥሎ ኦልጅራን አየሁ። ከዚያ መላውን ሰልፍ በዓይኔ ዞርኩት፤ ሳቄ መጣብኝና መጽሐፍ ቅዱሴን አፌ ላይ ያዝኩ። ኮሌታው ሁሉ ተዥጎርጉሯል! የሀና በግራ፣ የኦልጅራ ዙሪያውን። አንዷ የፀጉር መያዣ ጨርቅ አስራበታለች፣ አንዱ ኮሌታውን ወደ ውስጥ አጥፎታል፣ ሌላው አገጩን ደረቱ ላይ ቀብሮ ሲጸልይ ይመስላል። ሁሉም መሬት ያያሉ። እያንዳንዱ እኔ ብቻ ነኝ እያለ ነው።

ቀና በይ! አልኩ በሆዴ። የኔ ልጅ፣ አንዴ ቀና በይና እይ!

እሷ ግን ቀና አትልም። ኪቦርዱ መግቢያውን ተጫወተ፤ አልገባችም። ደገመው፤ አሁንም አልገባችም። አዳራሹ ውስጥ ሰው መተያየት ጀመረ።

ፊሊጶስ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ከፊቷ ቆሟል። "ዮዳሄ፣ እኔን እዪ" ሲላት ሰማሁ። መሪዋ ነውና ቀና አለች።

ፊሊጶስ ጢማም፣ ኮስታራ፣ ልጆቹ ሲያዩት የሚፈሩት ሰው ነው። ዮዳሄ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗ ከጢሙ ሥር ወርዶ ቀረ። አንገቷን መለስ አድርጋ ሀናን አየች። ሀናም አየቻት። ከዚያ ሰልፉን እስከ ዳር አየችው፣ ከዚያ በሰዉ መሃል እኔን ፈለገችና አገኘችኝ። "ታውቂ ነበር!" የሚል ዓይን ነበር። እኔ ወዲያው መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ተዘቅዝቆ መያዜን ያየሁት በኋላ ነው።

ሻርፑን ፈታች። አጣጥፋ ማይክራፎኑ ሥር አስቀመጠችው፤ በትልቁ ስክሪን ላይ አገጯም፣ ምልክቷም፣ ኮሌታዋም ተንጣለለ። ኪቦርዱ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ገባች። እንዴት እንደዘመረች እኔ እናቷ ስለሆንኩ ብናገር አታምኑኝም፤ ሂርጳ ግን አለቀሰ፣ ከኋላዋም ሀና የፀጉር ጨርቅ ላሰረችው ልጅ ፈታችላት፣ አገጮች አንድ በአንድ ከደረት ተነሱ። ፊሊጶስ ሊጸልይ ወደ እኛ ሲዞር ኮሌታው ከሁሉም የባሰ ነበር። እሱ የገዛው "ለታናሽ ወንድሜ" ብሎ ነው። ፊሊጶስ ለእናቱ የመጨረሻ ልጅ ነው።

ከፕሮግራሙ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጨርቁን ሊመረምሩት ሲሰበሰቡ፣ ጥፋቱ ልብስ ሰፊው ላይ ሊወድቅ ሆነ። ዝም ማለት አልቻልኩም። "ጨርቁ ምንም አልሆነም፤ የልጆች ፊት ቅባት ነው፣ የኔም ልጅ ትቀባለች" አልኩ። የሰው ስም አልጠራሁም። "የሚቀጥለው ነጭ ቢሆንስ?" አልኩ። ፊሊጶስ ከሁሉ ቀድሞ ደገፈኝ።

ማታ ደረጃው ላይ እትዬ ሐሚዳ የዮዳሄን ፊት በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችው። "አላልኩሽም? ሎሚው ነው!" አለች።

አፌን ልከፍት ስል ዮዳሄ ክንዴን ያዘችኝ። እትዬ ሐሚዳ ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ዶክተር፣ ያ የማያቃጥለው አለ? ለከድር ሳይሆን... ለወንድሜ ልጅ ነው።"

ከድር ልጇ ነው።

"አለ፣ እትዬ ሐሚዳ" አለቻት ዮዳሄ፣ እኔን ቀድማ። "ለወንድምሽ ልጅ ነጭ ፎጣ ስጪው። ከድርንም ለዩኒፎርሙ ኮሌታ ተጠንቀቅ በዪው።"