በዚፑ ላይ ያለው ፈረስ

ልጄ ያገለገሉ የእጅ ቦርሳዎችን በስልክ ትሸጣለች። ባለቤቶቹ ፎቶ ይልኩላታል፤ እሷም የየትኛው ድርጅት ሥራ እንደሆነ ትለያለች። እኔ አርባ ዓመት ቦርሳ ጠግኛለሁ፤ አሁን አጠገቧ ተቀምጬ አያለሁ።

ትናንት ጎረቤታችን ጡረተኛዋ መምህርት የላኩትን የቦርሳ ፎቶ ልጄ እያየች ፊቷን አጠቆረች።

«አባዬ፣ ይሄ ፎርጅድ ነው። መቆለፊያው ላይ ቅጠል ተቀርጿል፤ ቀረጻው ጥርት ያለ ነው። ገበሩም ላይ ያው ቅጠል አለ። የዚፑ መጎተቻ ላይ ግን የሌላ ድርጅት ፈረስ! ሁለት አባት ያለው ቦርሳ አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ልትያቸው ነው?»

«ዕቃዎ የውሸት ነው እላቸዋለኋ!»

ሴትዮዋ ሰው አታለው አያውቁም። ይህን ቢሰሙ በሐፍረት ከቤት አይወጡም።

«እስኪ የመጎተቻውን ቀለበት አጉልተሽ አሳዪኝ» አልኳት።

አጎላችው። ቀለበቱ ላይ የፒንሳ ጥርስ ምልክት ነበር። ፋብሪካ እንዲህ አይነክስም። የእጄን ሥራ አወቅሁት።

«ገበር ከቦርሳው ጋር የተሰፋ ነው፤ መጎተቻ ግን ይሰበራል፣ ይቀየራል። ይሄን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ፈረሱ አምሮኝ ከተጣለ ቦርሳ ላይ ነቀልኩት።»

«ጉድ! ነግረሃቸው ነበር?»

«አልነገርኳቸውም።»

ከፎቶው ሥር «የባለቅጠሉ ድርጅት ሥራ፤ መጎተቻው የተቀየረ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ።

«በል እንግዲህ፣ አንተው ንገራቸው።»

ደወልኩ። «እትዬ፣ ቦርሳዎ ደህና ነው» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»