ለዘመድ የማይቆረጥ ደረሰኝ

የሂሳብ አያያዝ መምህሯን ስድስት ዓመት ሙሉ ያንገበገባት ነገር፣ ብቸኛ ዘመዷ የሆነው ባለሱቁ የወንድሟ ልጅ ደረሰኝ አለመቁረጡ ነው። በጠየቀችው ቁጥር፣ «አክስቴ፣ ለዘመድም ደረሰኝ? ልትከሺኝ ነው እንዴ!» ብሎ ይስቃል። እሱ ከተቀየማት ደጇን የሚያንኳኳ ስለሌለ ያለደረሰኝ ከፍላ ትመለሳለች።

ዛሬ ግን ጻፈችለት፦ «ልጄ፣ ከዋጋው ጋር የምትቀበለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ትርፍህ አይደለም፤ ደንበኛው ለመንግሥት አድርስልኝ ብሎ የሰጠህ አደራ ነው። ለታክሱ የተመዘገበው ደንበኛህ ባለጋራዡም ካንተ ቀለም ሲገዛ የከፈለውን ታክስ፣ ደረሰኝ ከሌለው እሱ ራሱ ለመንግሥት ከሚከፍለው ታክስ ላይ መቀነስ አይችልም።»

ደብዳቤውን ይዛ ሱቁ ሄደችና አምፖል አንስታ ደረሰኝ ጠየቀች። እንደለመደው ሳቀ። አምፖሉን መለሰችለት፤ ደብዳቤውን ባንኮኒው ላይ አኑራ፣ አምፖሉ ወደተቃጠለበት ክፍሏ ብቻዋን ተመለሰች።