ያልተፋቀው ዝገት

አብዱልጀባር ከመገናኛ ጀርባ ባለችው ጠባብ ብረታ ብረት ቤቱ ሠራተኛ የሚያባርርበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር። ማርፈድን ይታገሣል፣ መለገምንም ያልፋል፤ ዝገት ሳይፍቅ ቀለም የቀባ ግን በማግስቱ እዚያ ደጃፍ አይታይም። “ቁስል ላይ ኮት ብትደርብለት ይድናል?” ብሎ ይጮህበታል። “መጀመሪያ ብረቱ እስኪያበራ ፋቅ፣ ከዚያ ዝገት መከላከያውን አንቲረስት፣ ከዚያ ቀለም! ምኑ ነው የከበደህ?”

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ የገዛ ልጁን ሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳይፍቅ የቀባው።

ልጁ ሐሩን ይባል ነበር። አንድ ለናቱ ነበር፤ ብየዳንም ከአባቱ እጅ ነው የተማረው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲገባ ሚስቱ ሐሊማ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሐሩን የበረንዳውን መከለያ አየና “ይኼ ለሕፃን አጭር ነው” አለ። በእሱ ፋንታ አምስት ወፍራም የብረት እግሮች በረንዳው ወለል ውስጥ በሲሚንቶ ቀበረ፤ በላያቸው ላይ ከቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ ከሆነው ስስ ብረት፣ ከፍ ያለ መደገፊያ ሠራ። አረንጓዴ ቀለም ቀባው። ልጅቷ ሀጀር ተወልዳ ገና ዳዴ ሳትል የሐሩን ኩላሊት ታመመ። አብዱልጀባር “የኔን ውሰዱለት” ብሎ ሐኪሞቹን ለምኖ ነበር። የደም ግፊትዎ አይፈቅድም አሉት። ሐሩንን በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ቀበሩት።

በዚያው ዓመት፣ የአረፋ በዓል ሊደርስ ሲል፣ አብዱልጀባር አረንጓዴ ቀለምና ብሩሽ ይዞ ወደ የካ አባዶ ወጣ። ከእግሮቹ በላይ፣ ውሃ በሚያቁርበት ቦታ፣ ቀለሙ እንደ ፊኛ ትንሽ አብጦ አየ። ሥራው ነውና ወዲያው ገባው። ውሃ ከቀለሙ ሥር ገብቷል፣ ብረቱም እየዛገ ነው። መፋቂያውን ከኪሱ አወጣ፤ ግን እጁ እንቢ አለው። ያ ቀለም ሐሩን የቀባው ነው። ቢፍቀው የልጁ እጅ ያረፈበት ነገር እንደ ቅርፊት ረግፎ መሬት ላይ ሊወድቅ ነው። ስለዚህ ላዩ ላይ ቀባበት። በየዓመቱም አረፋ ሲደርስ እየመጣ ደረበበት። መደገፊያው ሁልጊዜ አዲስ ይመስል ነበር፤ ጎረቤትም አብዱልጀባርን እንዴት ያለ አማት ነው እያለ ያመሰግነው ነበር።

በአራተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሐሊማ ያጠበችውን ከባድ ብርድ ልብስ መደገፊያው ላይ አሰጣች። መካከለኛው ቋሚ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ዘመመ። ሀጀር ጥቂት ቀደም ብላ እዚያው ተደግፋ ታች የሚጫወቱትን ልጆች እየተጣራች ነበር። ሐሊማ ልጅቷን ወደ ቤት ጎትታ የበረንዳውን በር ቆለፈችና ለአማቷ ደወለች።

አብዱልጀባር መዶሻውን ይዞ መጣ። ከላይ መታ ሲያደርገው ብረቱ ጥርት ብሎ ጮኸ። ወደ ታች ሲወርድ ድምፁ ታፈነ፤ ከእግሩ አጠገብ መዶሻው አረንጓዴውን ቀለም ቀዶ ወደ ውስጥ ገባ። ከቀዳዳው ቡናማ ውሃና እንደ ረጠበ የሻይ ቅጠል ያለ ዝገት ፈሰሰ። ስሱ ብረት ከውጭም ከውስጥም ተበልቶ አልቋል። በተሰነጠቀው ቀለም የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ፣ ሳይደርቅ፣ እዚያው ሲበላው ከርሟል። አምስቱንም መታቸው። አምስቱም ያው ናቸው።

“አባባ፣ ዛሬውኑ ይንቀሉልኝ” አለች ሐሊማ።

“ሦስት ቀን ስጪኝ፣ ልጄ። በሩን ብቻ እንደቆለፍሽ አቆዪው።”

“ምን ሊያደርጉት?”

“ላድነው” አለ፤ ሊያድነው እንደማይችል ግን እያወቀ ነው።

በማግስቱ ከሱቁ ጎን ቦይለር የሚጠግነው ገብረዋሕድ ጋ ገባ። “ጋልቫናይዝ የሚያደርጉ ፋብሪካዎች የሐሩንን መደገፊያ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ቢያጠልቁልኝስ? ዚንኩ ይሸፍነው ነበር” አለው።

ገብረዋሕድ ሳቀ፤ የአብዱልጀባርን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ። “አንተ አጥተኸው ነው? መጀመሪያ አሲድ ውስጥ ነው የሚነክሩት። አሲዱ ዝገቱን ያነሣል። ያንተ ደግሞ ታች ታቹ ዝገት ብቻ ነው፤ ምኑን ያወጡታል?”

አብዱልጀባር ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ዘንግ አነሣ። ከቦይለር ውስጥ የወጣ ማግኒዚየም ነው፤ ግማሹ ተበልቶ እንደ ተጋጠ አጥንት ሆኗል። ቦይለሩ እንዳይዝግ ታስቦ ውስጡ የሚገባ ብረት ነው፤ ውሃው መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው።

“ይኼን ባስርበትስ?”

“ውሃ ወይ እርጥብ አፈር ውስጥ ቢሆን እሺ። በረንዳ ላይ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል እንጂ አያድነውም።” ገብረዋሕድ የዘንጉን የተበላ ጫፍ በጣቱ ነካ። “ደግሞስ ይኼ የሚገባው ቦይለሩ ገና ደህና ሳለ ነው፣ ወንድሜ። ከተበላ በኋላ ምን ያደርግለታል?”

አብዱልጀባር ዘንጉን ይዞ ቆመ። “እኔ ነበርኩ እኮ ቀድሜ መበላት የነበረብኝ” አለ። ገብረዋሕድ ወንበር ሳበለት።

በሦስተኛው ቀን አብዱልጀባር ግራይንደሩን፣ መበየጃውንና መሮውን ይዞ የካ አባዶ ወጣ። ሐሊማ ሀጀርን ለጎረቤት ሰጥታ በረንዳው በር ላይ ቆመች። መደገፊያውን ቆራርጦ አወረደው። የሐሩን አንድ፣ የእሱ አራት የቀለም ድርብ ከብረቱ እየተላቀቀ፣ እንደ ወለቀ ልብስ ባዶውን ቀረ። ከዚያ የተቀበሩትን እግሮች ነቅሎ ሊጥል ተንበረከከና ሲሚንቶውን በመሮ መፈልፈል ጀመረ።

ከላይ ብረቱ ቡናማ ነበር። ሁለት ጣት ያህል ሲወርድ ሲሚንቶው ጠነከረበት። አራት ጣት ሲደርስ እጁ ቆመ። ብረቱ ከመጋዘን እንደ ወጣ ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ያልተነካ። ሁለተኛውን ፈለፈለ፤ ያው ነው። አምስቱም ደህና ናቸው።

“ይኼስ እንዴት ሳይዝግ ቀረ?” አለች ሐሊማ።

“ሲሚንቶ በደንብ ሲሞላ ብረቱን ይጠብቀዋል። ሐሩን ክፍተት ሳይተው ነው የሞላው።” ሲሚንቶውን በጣቱ ዳበሰ። “ደግሞ የኔ እጅ አልደረሰበትም።”

ሐሊማ ወደ እሱ ቀረበች። አብዱልጀባር ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። “መፋቅ ነበረብኝ፣ ልጄ። መጀመሪያ ሳየው ገብቶኛል። አርባ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ማንንም ያልማርኩበትን ነገር እኔው ሠራሁት። የሱን ቀለም መፋቅ አቃተኝ። የሱን እጅ አስቀራለሁ ብዬ ልጁን ሀጀርን ልገልበት ነበር።”

እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሐሊማ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

“ያበጠውን ቀለም እኔም አይቼው ነበር” አለች በመጨረሻ። “በየዓመቱ አየዋለሁ። እንዳይፍቁብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ አባባ።”

አብዱልጀባር ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። እግሮቹን መንቀሉን ትቷል፤ በዚንክ የተለበጠ አዲስ ጋልቫናይዝድ ቋሚ በእነዚያው እግሮች ላይ ሊበይድ ነው፤ ብየዳው ዚንኩን የሚያቃጥልበትን ቦታ በዚንክ ቀለም ይሸፍነዋል፤ ሲሚንቶውንም ውሃ እንዳያቁር አዘንብሎ ይለስነዋል። ከዚያ በፊት ግን የሐሩን ብረት ቡናማው ሁሉ ወርዶ ማብራት አለበት። ከሳጥኑ ሁለት የሽቦ ብሩሾች አወጣ፤ አንዱን ለሐሊማ ሰጣት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው መፋቅ ጀመሩ።